ከሐሳብ ወይስ ከዓለም? የአምላክን መኖር የሚያስረዱ ሁለት ዓይነት ሙግቶች ሲነጻጸሩ

የአምላክን መኖር በአመክንዮ ለማሳየት ከቀረቡ ሙግቶች ውስጥ ሁለት ወገኖች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ወገን ዓለምን ሳይመለከት፣ “አምላክ” ከሚለው ሐሳብ ብቻ ተነስቶ መኖሩን ለማሳየት ይሞክራል። ይህ ኦንቶሎጂካል ሙግት ይባላል። ሌላው ወገን ዓለም መኖሩን ይዞ ይነሳና “ይህ ከየት መጣ? ለምንስ ኖረ?” እያለ ወደ ምንጩ ይሄዳል። ይህ ደግሞ ኮስሞሎጂካል ሙግት ነው። በክርክር መካከል ሁለቱ ሲደባለቁ ብዙ ጊዜ ይታያል። ለአንዱ የተሰጠ መልስ ሌላውን እንዳፈረሰ ይቆጠራል፣ የአንዱ ድክመት ለሌላው ይተርፋል።

አማኝም ሁኑ ተጠራጣሪ፣ ከእነዚህ ሙግቶች አንዱን ለመያዝ ወይም ለመንቀፍ ስትነሱ ድምዳሜውን ለጊዜው ተዉትና መንደርደሪያውን ተመልከቱ። ድምዳሜው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ያለው እያንዳንዱ ሙግት ገና ሲጀምር እንድትቀበሉለት በሚጠይቃችሁ ነገር ላይ ነው። አንዱ የሚጠይቀው አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ነው፣ ግን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። ሌላው ማንም የማይክደውን ነገር ይዞ ይነሳና መንገድ ላይ ከበድ ያለ መርሕ ያስቀበላችኋል።

አንሴልም እና ደሴቲቱ

የኦንቶሎጂካል ሙግት አባት የሚባለው አንሴልም ነው። ሙግቱን የጻፈው በ1077 እና በ1078 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ) ገደማ፣ በኖርማንዲ የቤክ ገዳም ሳለ ነው። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ኤድመር እንደሚለው፣ ሙግቱ መጀመሪያ በሰም ሰሌዳ ተጽፎ ሰሌዳው ጠፋ። እንደገና ሲጻፍ ደግሞ ሰሌዳው ተሰባብሮ ወለል ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው በብራና እንዲገለበጥ የተደረገው።

አካሄዱ አጭር ነው። አንሴልም አምላክን “ከእርሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል” ብሎ ይተረጉመዋል። ቀጥሎ በመዝሙረ ዳዊት “አምላክ የለም” የሚለውን ሰነፍ ያመጣዋል። ይህ ሰው እንኳ ትርጉሙን ሲሰማ ይገባዋል፣ ስለዚህ ነገሩ ቢያንስ በሐሳቡ ውስጥ አለ። ነገር ግን በሐሳብ ብቻ ካለ ነገር ይልቅ በሐሳብም በእውንም ያለ ይበልጣል። እንግዲህ ከእርሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችለው በሐሳብ ብቻ ቢኖር ኖሮ ከእርሱ የሚበልጥ ማሰብ ይቻል ነበር። ይህ ራሱን የሚቃረን ስለሆነ፣ በእውን መኖር አለበት።

ሙግቱን መጀመሪያ የሰማ ሰው “የሆነ ቦታ ላይ ተታልያለሁ” ይላል፣ ግን ቦታውን ማሳየት ያቅተዋል። በዘመኑ የነበረው የማርሙቲየ መነኩሴ ጋውኒሎም ቦታውን አላሳየም። ያደረገው በዚያው ሥሪት ሌላ ነገር መሥራት ነው። ከደሴቶች ሁሉ የላቀች ደሴት አስቡ አለ። ነገሩ ገብቷችኋል፣ ስለዚህ በሐሳባችሁ ውስጥ አለች። በእውን ባትኖር ኖሮ በእውን ያለች ማንኛዋም ደሴት ትበልጣት ነበር። እንግዲያው አለች ማለት ነው! በዚህ መንገድ የፈለግነውን ሁሉ ከሐሳብ ወደ መኖር ማምጣት ከቻልን መንገዱ ብልሹ ነው። ጋውኒሎ ራሱ አማኝ ነበር፤ የተቃወመው አምላክን ሳይሆን ሙግቱን ነው። አንሴልምም ተቃውሞው ከነመልሱ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ እንዲገለበጥ ፈቀደ። ዛሬም ቢሆን ተቃዋሚውን እንዲህ የሚያስተናግድ ጥቂት ነው።

ለደሴቲቱ የሚሰጠው ጠንካራ መልስ እንዲህ ይላል፦ ለደሴት ልቀት ጣሪያ የለውም። የቱንም ያህል ዛፍና ምንጭ ብትጨምሩባት አንድ ተጨማሪ ዛፍ ያላት ትበልጣለች፣ ስለዚህ “ከእርሷ የምትበልጥ ሊታሰብ የማትችል ደሴት” የሚለው ሐሳብ ከመነሻው አይያዝም። እውቀት ግን ጣሪያ አለው፤ እውነት የሆነውን ሁሉ ከማወቅ በላይ ማወቅ የለም። መልሱ ጥሩ ነው፣ ግን ጋውኒሎን ሙሉ በሙሉ አያሰናብትም። ተቃዋሚው ደሴቲቱን ትቶ “በክፋቱ ከእርሱ የሚብስ ሊታሰብ የማይችል” ብሎ ቢነሳ ያው ሥሪት እንደገና ይሠራል፣ በክፋት በኩል ያለውም ጣሪያ በእውቀት በኩል ካለው በምን እንደሚለይ ማስረዳት የተከላካዩ ዕዳ ይሆናል።

ብልሽቱ የት እንዳለ ጠቁሟል የሚባለው ካንት ነው። በ1781 ባሳተመው ሥራው “መኖር” የአንድን ነገር ሐሳብ የሚያሰፋ ባሕርይ አይደለም አለ። በዘመኑ ገንዘብ ሲመስለው፣ በሐሳብ ያለ መቶ ታለርና በእጅ ያለ መቶ ታለር በይዘታቸው እኩል ናቸው፤ እውነተኛው አንድ ሳንቲም እንኳ አይጨምርም። ሀብታችሁ ላይ ለውጥ ያመጣል፣ ስለ መቶ ታለር ባላችሁ ሐሳብ ላይ ግን አያመጣም። ስለዚህ መኖርን ከኃይልና ከእውቀት ጎን አሰልፎ “ይህ ከጎደለው ያንሳል” ማለት አያስኬድም።

የካንት ትችት በመማሪያ መጻሕፍት እንደ መዝጊያ ፍርድ ይቀርባል። እኔ እንደዚያ አላየውም። “መኖር” ባሕርይ ባይሆን እንኳ “የግድ መኖር” ባሕርይ ሊሆን ይችላል። ሊኖርም ላይኖርም ይችል የነበረ ነገርና አለመኖሩ ፈጽሞ የማይቻል ነገር በእርግጥ ይለያያሉ። መቶው ታለር ደግሞ ስለዚህ ልዩነት የሚለው የለውም፣ ምክንያቱም ታለር ሁሉ ላይኖር የሚችል ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ተከላካዮች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው።

“ይቻላል” የሚለው ቃል የሚሸከመው

አልቪን ፕላንቲንጋ በ1974 ያቀረበው ሞዳል ኦንቶሎጂካል ሙግት ከአንሴልም የሚለየው “በሐሳብ መኖር” የሚለውን ጉዳይ ጨርሶ በመተዉ ነው። የሚናገረው ስለሚቻልና ስለማይቻል ብቻ ነው። ታላቅነቱ ጣሪያ የደረሰ አካል ማለት በየትኛውም ሁኔታ፣ ዓለም በሌላ መልክ ብትሆንም ኖሮ እንኳ፣ ሁሉን ቻይ፣ ሁሉን አዋቂና ፍጹም መልካም ሆኖ የሚገኝ ማለት ነው። ሙግቱ ከእናንተ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዲህ ያለ አካል መኖሩ “ይቻላል” በሉ።

ይህን ካላችሁ ቀሪውን ሎጂኩ ይጨርሰዋል። ይቻላል ማለት ዓለም ልትሆን ከምትችልባቸው መልኮች ቢያንስ በአንዱ ውስጥ ይህ አካል አለ ማለት ነው። አካሉ ግን በትርጉሙ በአንዱ ካለ በሁሉም አለ። እኛ ያለንበት መልክ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ አለ። የግድ መሆኑ የሚቻል ነገር በእርግጥም የግድ ነው የሚለው ደንብ በሎጂክ ሊቃውንት ዘንድ ኤስ 5 በሚባለው ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ፕላንቲንጋ የፈጠረው ማታለያ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ “ይቻላል” የምትለዋ መንደርደሪያ ላይ ወደቀ። ብዙ ሰው ሲጠየቅ “ማን ያውቃል፣ ሊኖር ይችላል” ብሎ በለዘብተኝነት ይቀበላታል። የሚሳተውም እዚህ ላይ ነው። “ይቻላል” የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። አንደኛው “እኔ እስከማውቀው ድረስ ሐሰት ነው የሚያሰኝ ነገር የለም” ማለት ነው። ሁለተኛው “በነገሩ በራሱ ባሕርይ እንዳይኖር የሚያግደው የለም” ማለት ነው። ሙግቱ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፣ አድማጩ የሚሰጠው ግን የመጀመሪያውን ነው።

ልዩነቱን በሒሳብ ማየት ይቀላል። በ1742 ጎልድባክ ለኦይለር በጻፈው ደብዳቤ የተነሣ አንድ መላ ምት አለ። ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ፣ ከ2 የሚበልጥ ማንኛውም ተጋማሽ ቁጥር የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው ይላል። 10 የ3 እና የ7 ድምር ነው፣ 28 የ11 እና የ17። በኮምፒውተር እስከ 4 ቢሊዮን ቢሊዮን ድረስ ተፈትሾ አንድም ያፈነገጠ አልተገኘም፣ በአጠቃላይ ግን እውነት መሆኑም ሐሰት መሆኑም እስካሁን አልተረጋገጠም። አንድ ሰው “እውነት ሊሆን ይችላል” ቢል ትክክል ነው። “ሐሰት ሊሆን ይችላል” ቢልም ትክክል ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ እውቀታችን ወሰን ነው። በነገሩ በራሱ ግን የሒሳብ እውነት ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ አይሆንም፤ ወይ የግድ እውነት ነው ወይ ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነው። “እውነት ሊሆን ይችላል” ያለውን ሰው ይዘን “እንግዲያው መሆን የሚችል የሒሳብ እውነት የግድ እውነት ስለሆነ ጎልድባክ ተረጋገጠ” ብንለው ይስቅብናል። ሞዳሉ ሙግት ላይ “ሊኖር ይችላል” ብሎ በቸልታ የተቀበለ ሰው የተደረገበት ይኸው ነው።

ይህን አንዴ ያየ ሰው ሙግቱን መገልበጥም አያቅተውም። “ታላቅነቱ ጣሪያ የደረሰ አካል የሌለበት የዓለም መልክ ይቻላል” በሉ። ይህም እንደ መጀመሪያው ቅን ይመስላል። ነገር ግን አካሉ በአንድ መልክ ካልኖረ በትርጉሙ በየትኛውም አይኖርም፣ ስለዚህ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ሁለቱ መንደርደሪያዎች መንታ ናቸው፣ አብረው ግን እውነት ሊሆኑ አይችሉም። አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ምክንያት ከውጭ ካልመጣ ሙግቱ የትም አያደርስም። ፕላንቲንጋ ራሱ ይህን ያውቅ ነበርና ሙግቱ አምላክ መኖሩን ያረጋግጣል አላለም። ያለው፣ መንደርደሪያውን መቀበል ከምክንያታዊነት ጋር የማይጋጭ ስለሆነ ድምዳሜውን መቀበልም አይጋጭም ነው። ከዚህ በላይ ሲጠቅሱት ካገኛችሁ እሱ ያላለውን እያሉለት ነው።

“አምላክን ማን ፈጠረው?” ለማን የሚቀርብ ጥያቄ ነው

ወደ ኮስሞሎጂካሉ ወገን ስንሻገር በር ላይ የሚጠብቀን ይህ ጥያቄ ነው። ሁሉም ነገር ምክንያት ካለው አምላክም ምክንያት ሊኖረው ነው፤ አምላክ ያለ ምክንያት መኖር ከቻለ ዓለምስ ለምን አትችልም? በርትራንድ ራስል በ1927 ባደረገው ታዋቂ ንግግር ያነሳው ይህንኑ ነው። ችግሩ፣ ስማቸው ከሚጠቀስ የሙግቱ ባለቤቶች ውስጥ “ሁሉም ነገር ምክንያት አለው” ብሎ የተነሳ አለመኖሩ ነው። አንዱ “መኖር የጀመረ ሁሉ” ይላል፣ ሌላው “ላይኖር ይችል የነበረ ሁሉ” ይላል። ጥያቄው ቦታውን የሚያገኘው ወደ ሁለተኛ አጋማሹ ሲዞር ነው፦ ለምን እዚያ ላይ ይቆማል? ለዚህ ሁለቱ ቅርጾች የሚሰጡት መልስ የተለያየ ስለሆነ ለየብቻቸው ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው፣ ስሙን ከእስልምና ነገረ መለኮት ያገኘው የከላም ሙግት ነው። ሥሩ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ጋ ይደርሳል፣ በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ አል-ገዛሊ አበረታው፣ በዘመናችን ደግሞ ዊልያም ሌን ክሬግ በ1979 መጽሐፉ እንደገና አነሳው። መኖር የጀመረ ሁሉ ምክንያት አለው፤ ዓለም መኖር ጀምራለች፤ ስለዚህ ዓለም ምክንያት አላት። በሦስት ዓረፍተ ነገር ማለቁና ለጆሮ ቅርብ መሆኑ ተወዳጅ አድርጎታል።

ክብደቱ ሁለተኛው መንደርደሪያ ላይ ነው። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት ለማሳየት ሁለት መንገድ አለ። የፍልስፍናው መንገድ ያለፈው ጊዜ መጀመሪያ ከሌለው ዛሬ ላይ ባልተደረሰ ነበር ይላል፤ ማለቂያ የሌለው መንገድ ተሄዶ አያልቅምና። ይህ ሲሰሙት ያሳምናል፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ይላላል። “አያልቅም” የምንለው ከአንድ ቦታ ተነስተን ስንቆጥር ነው። መጀመሪያ የሌለው ያለፈ ጊዜ ግን መነሻ የለውም። ማንኛውንም ያለፈ ቀን ብትመርጡ፣ ምንም ያህል ሩቅ ቢሆን፣ ከዚያ እስከ ዛሬ ያለው ርቀት የተወሰነ ነው፣ የተወሰነ ርቀት ደግሞ ይታለፋል። ማለቂያ የሌለውን ርቀት አቋርጦ መምጣት የነበረበት ቀን የለም። ተከላካዩ “ታዲያ ቆጠራው ለምን ትናንት ሳይሆን ዛሬ አለቀ?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፣ ጥሩ ጥያቄም ነው፣ ግን ይህ ስለ ምክንያት የሚጠይቅ ሌላ ሙግት ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ቶማስ አኩዊናስ አማኝ ሆኖ ሳለ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በእምነት እንጂ በአመክንዮ ማረጋገጥ አይቻልም ብሎ ጽፏል። በደካማ ማስረጃ ይህን ለማረጋገጥ የሚሞክሩ ሰዎች ለማያምኑት መሳቂያ እንዳይሆኑም አስጠንቅቋል። ከላምን የሚተቹ ሁሉ ከሃዲዎች የሚመስሏቸው ሰዎች ይህን ቢያነቡ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው የፊዚክሱ መንገድ ነው። ዓለም እየሰፋች መሆኗ ከ1920ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ወደ ኋላ ስንቆጥር የዛሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እጅግ የታመቀና የጋለ ሁኔታ ላይ እንደርሳለን። እስከዚህ ድረስ ጠንካራ ሳይንስ ነው። ከዚህ ተነስቶ “ስለዚህ ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም” ማለት ግን ሳይንሱ ያላለውን ማስባል ነው። ወደዚያች ቅጽበት በጣም ስንቀርብ የስበት ንድፈ ሐሳባችንና የኳንተም ፊዚክስ አብረው መሥራት ያቆማሉ፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ የተረጋገጠ ንድፈ ሐሳብ ገና የለም። በ2003 ቦርዴ፣ ጉት እና ቪለንኪን ያወጡት ቲዎረምም በክርክር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እሱ የሚለው በአማካይ ስትሰፋ የኖረች ዓለም የመስፋት ታሪኳ ወደ ኋላ ያለ ገደብ ሊዘልቅ አይችልም ነው። መስፋቱ መጀመሪያ ነበረው ማለትና ነገር ሁሉ መጀመሪያ ነበረው ማለት አንድ አይደለም።

ስለዚህ ከላምን የሚመርጥ ሰው የሙግቱን ዕጣ በከፊል ገና በሚጻፍ የፊዚክስ ምዕራፍ ላይ እንዳስቀመጠ ማወቅ አለበት።

ላይብኒዝና የሚገለበጠው መጽሐፍ

ከአራቱ ሙግቶች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፣ ለመደገፍም ሆነ ለመንቀፍ። ዓለም መጀመሪያ ይኑራት አይኑራት ግድ አይሰጠውም፣ ስለዚህ ከላምን የሚያስጨንቀው ጭንቀት አይነካውም።

ኢብን ሲና፣ ከ980 እስከ 1037 የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ፣ ያለውን ሁሉ ለሁለት ከፈለው፦ በራሱ ባሕርይ ሲታይ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል እና መኖሩ የግድ የሆነ። የመጀመሪያው ዓይነት ነገር ስላለ ብቻ “ለምን ኖረ?” የሚል ጥያቄ ያስነሳል። ላይብኒዝ ይህንኑ ሐሳብ በ1697 በጻፈው ጽሑፍ በምሳሌ አሳየው። የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ከዘላለም ጀምሮ ሲገለበጥ ኖሯል እንበል። በእጃችን ያለው ቅጂ ከቀደመው ተገለበጠ፣ ያም ከእርሱ ከቀደመው፣ እንዲህ እያለ ያለ መጀመሪያ። ለእያንዳንዱ ቅጂ “ይህ ለምን እዚህ ኖረ?” ቢባል መልስ አለ። “ግን ለምን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ? ለምንስ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ? ጭራሽ መጽሐፍ ለምን ኖረ?” ቢባል ግን የቱንም ያህል ቅጂ ወደ ኋላ ብንቆጥር መልሱ አይገኝም። ዓለምም እንዲሁ ናት ይላል። ያለ መጀመሪያ ብትኖርም እንኳ ለመኖሯ ምክንያት ያስፈልጋታል፣ ምክንያቱ ደግሞ ላይኖሩ ከሚችሉት ነገሮች ውጭ፣ መኖሩ የግድ በሆነ ነገር ውስጥ መሆን አለበት። “ለምን እዚያ ላይ ይቆማል?” ለሚለውም መልሱ ይህ ነው፦ መኖሩ የግድ የሆነ ነገር “ለምን ሳይኖር አልቀረም?” የሚል ጥያቄ አያስነሳም።

የዴቪድ ሂዩም ተቃውሞ ከሞተ በኋላ በ1779 በታተመው ምልልሱ ውስጥ ይገኛል። ሃያ ቅንጣቶች ካሉና የእያንዳንዳቸውን ምክንያት ከነገርኳችሁ፣ ቀጥሎ “የሃያዎቹ በአንድነት ምክንያትስ?” ማለት ትርጉም የለውም ይላል። እያንዳንዱ ከተብራራ ሁሉም ተብራርቷል። ለሃያ ቅንጣቶች ይህ እውነት ነው፣ የእያንዳንዳቸው ምክንያት ከሃያዎቹ ውጭ ከሆነ። የመጽሐፉ ምሳሌ ግን የሚያሳየው እያንዳንዱ አባል በሌላ አባል ብቻ ሲብራራ አጠቃላዩ ሳይብራራ ሊቀር እንደሚችል ነው። ስለዚህ ሂዩም እዚህ ላይ የሚሸነፍ ይመስለኛል።

ራስል የያዘው መንገድ የተሻለ ነው። በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ከኢየሱሳዊው ካህን ከፍሬድሪክ ኮፕልስተን ጋር ሲከራከር፣ ዓለም እንዲሁ አለች፣ በቃ፣ ከዚያ በላይ የሚባል የለም አለ። ይህ ሽሽት ሊመስል ይችላል፣ ግን በትክክል የሙግቱ ማንጠልጠያ ላይ ነው የመታው። ላይብኒዝ ላለው ነገር ሁሉ፣ ከውጭም ይሁን በራሱ ባሕርይ ውስጥ፣ በቂ ምክንያት አለ የሚለውን መርሕ ይዞ ነው የተነሳው። ራስል መርሑን አልቀበልም አለ፤ የሙግቱን ሌሎች ደረጃዎች መነካካት አላስፈለገውም።

መርሑን ለመካድ በቂ ምክንያት አለ? በጣም ጥርት ያለውን ምክንያት ያቀረበው በ1983 ፒተር ቫን ኢንዋገን ነው፣ ደረጃ በደረጃ እንየው። በሌላ መልክ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ እውነቶችን ሁሉ ሰብስበን አንድ ትልቅ እውነት እንበላቸው። መርሑ እውነት ከሆነ ይህ ትልቅ እውነት ምክንያት አለው። ምክንያቱ የግድ ከሆነ፣ እና ምክንያት ውጤቱን የሚያስከትል ከሆነ፣ ትልቁ እውነትም የግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ማንበባችሁ ጭምር፣ ሌላ ሊሆን የማይችል የግድ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱ የግድ ካልሆነ ደግሞ ራሱ የትልቁ እውነት ክፍል ነው፣ ስለዚህ ራሱን በራሱ ሊያብራራ ነው። አንደኛው መንገድ ነጻ ምርጫን፣ የአምላክን ዓለምን የመፍጠር ነጻነት ጨምሮ፣ ይውጣል። ሁለተኛው ትርጉም የለውም።

ተከላካዩ የቀረው መውጫ መርሑን ማላላት ነው። ለእውነት ሁሉ ምክንያት አለ ከማለት ይልቅ ላይኖር ይችል ለነበረ ነገር መኖር ምክንያት አለ ይላል፣ ምክንያትም ውጤቱን የግድ ማስከተል የለበትም ብሎ ያክላል። ሰው ለአንድ ሥራ በቂ ምክንያት እያለው ላያደርገው ይችል እንደነበረ ሁሉ፣ አምላክም ለመፍጠር ምክንያት ነበረው፣ የግድ ግን አልነበረም። ይህ የላላው መርሕ ከቫን ኢንዋገን ወጥመድ ያመልጣል። የሚቀረው ጥያቄ፣ ማብራሪያ የሆነ ቦታ ላይ የግድነት ሳይኖረው መቆም ይችላል ካልን፣ ተጠራጣሪው ከዚያ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ዓለም ላይ ቢቆም ምን እንለዋለን የሚለው ነው። እኔ ልዩነት አለ ብዬ አስባለሁ፤ ነጻ ምርጫን በምክንያቱ ማብራራትና ጭራሽ አለማብራራት አንድ አይደሉም። ግን ይህ ተቃዋሚን አፉን የሚያዘጋ ልዩነት ነው አልልም።

ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት

ካንት ኮስሞሎጂካሉ ሙግት ራሱን ችሎ አይቆምም፣ ተደብቆ በኦንቶሎጂካሉ ይደገፋል ብሎ ከሷል። ከዓለም ተነስቶ መኖሩ የግድ የሆነ ነገር ላይ ከደረሰ በኋላ ይህ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ለመናገር “የግድ የሚኖረው ፍጹሙ ብቻ ነው” ማለት አለበት፣ ይህ ደግሞ ያው የአንሴልም ነገር ነው። ክሱ ግማሽ እውነት አለው። መኖሩን ለማሳየት የላይብኒዝ ሙግት ከትርጉም አይነሳም፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ካንት ተሳስቷል። ማንነቱን ለመናገር ግን ተጨማሪ ሥራ ያስፈልጋል።

በእኔ እይታ ጥገኝነቱ በአብዛኛው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ሞዳሉ ሙግት “ይቻላል” የምትለዋን መንደርደሪያ ከመንታዋ የሚለይ ምክንያት ከውጭ ሲፈልግ አይተናል። የላይብኒዝ ሙግት ከተሳካ መኖሩ የግድ የሆነ ነገር አለ፣ ያለ ነገር ደግሞ የሚቻል ነው። ስለዚህ “ምንም ነገር የግድ ሊኖር አይችልም” ብሎ ለሚቃወም ሰው መልስ ይሆናል። ታላቅነቱ ጣሪያ የደረሰ መሆኑን ግን አይጨምርም። ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚፈልግ ሰው በላይብኒዝ ቢጀምር ይሻለዋል። በፕላንቲንጋ ከጀመረ አድማጩ ሙግቱ ሲገለበጥ አይቶ ይሄዳል።

የትኛውን ለማን ለሚለው፣ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው የሚክደውን ማወቅ ይበቃል። ዓለም ዘላለማዊ ልትሆን ትችላለች የሚል ሰው ላይ ከላምን ይዛችሁ ብትሄዱ ውይይቱ ሌሊቱን ሁሉ ስለ ፊዚክስ ይሆናል፤ ላይብኒዝ ከዚህ ይገላግላችኋል። ለሁሉም ነገር ምክንያት መፈለግ አይገባም የሚል ሰው ላይ ደግሞ ላይብኒዝ አይሠራም፣ ከላም ግን የሚጠይቀው መርሕ ጠበብ ያለ ስለሆነ ዕድል አለው። አንድ ነገር የግድ ሊኖር ይችላል ወይ የሚለው ራሱ ትርጉም አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ያን ጊዜ ኦንቶሎጂካሉ ሙግት ለማሳመን ባይጠቅም እንኳ ጥያቄውን ለማጥራት ይጠቅማል። ተጠራጣሪ ከሆናችሁ በተራው፣ ለአንሴልም ጋውኒሎን፣ ለፕላንቲንጋ መገልበጡን፣ ለከላም ሁለተኛውን መንደርደሪያ፣ ለላይብኒዝ ቫን ኢንዋገንን ያዙ። “አምላክን ማን ፈጠረው?” የሚለውን ግን ተዉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ክፍተት ለኮስሞሎጂካሉ ወገን ይከብዳል። ኦንቶሎጂካሉ ከተሳካ እውቀትና መልካምነት ገና ከትርጉሙ ውስጥ አሉ። ኮስሞሎጂካሉ ግን አንድ ምክንያት ላይ ወይም መኖሩ የግድ በሆነ ነገር ላይ ያደርሳችሁና ስለ ማንነቱ ዝም ይላል። ሳሙኤል ክላርክ በ1704 በለንደን ያቀረባቸውና በዓመቱ የታተሙት ስብከቶች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ሙግቱ በአሥራ ሁለት ነጥቦች የተሠራ ነው። መኖሩ የግድ የሆነ ነገር እንዳለ ለማሳየት ሦስቱ በቁት፤ የቀሩት ዘጠኙ ይህ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ለመናገር የዋሉ ናቸው። ስምንተኛው ነጥብ ያ ነገር አእምሮ አለው የሚለው ሲሆን፣ ከማያምኑት ጋር ያለው ዋና ክርክር እዚህ ላይ እንደሆነ ክላርክ ራሱ ጽፏል። እስከዚያ ድረስ ነጥብ በነጥብ ከግድነት እየነቀሰ የመጣው ሰው እዚህ ሲደርስ በዚያ መንገድ መቀጠሉ ቀላል እንዳልሆነ ተናገረና፣ ማስረጃውን ፍለጋ ዓለም ውስጥ ወዳለው ሥርዓትና ውበት ዞረ።